ጠዋት ራስ ያመመው ሁሉ ግፊቱ ተነስቶ አይደለም

«ራሴን እየፈለጠኝ ነው፤ ግፊቴ ተነስቷል መሰለኝ።» ይህን ያልሰማ ወይም ራሱ ያላለ ሰው ጥቂት ነው። በተለይ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ራስ ከከበደ፣ ማጅራት ከያዘ፣ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል። አንዱ «ነጭ ሽንኩርት ዋጥ አድርጊበት» ይላል፣ ሌላው ልጅ ፋርማሲ ይልካል፣ ከዚህ በፊት የታዘዘ የግፊት ኪኒን ቤት ውስጥ ካለ አንዷ ትዋጣለች። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ሲተው ደግሞ «ግፊቴ ወረደ» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ግፊቱን ግን ማንም አልለካውም።

በቀጥታ ልናገር። አብዛኛው ራስ ምታት ከደም ግፊት አይመጣም፤ አብዛኛው የደም ግፊትም ራስ አያሳምምም። በጣም ከፍ ያለ ግፊት ግን ራስ ሊያሳምም ይችላል፣ ጠዋት ላይም ሊብስ ይችላል። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር «በጣም ከፍ ያለ» የሚለው ስንት እንደሆነ ማወቅ ነው።

ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ምደባ፣ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ማለት ነው፣ ራስ ምታትን በግፊት የሚያሳብበው የላይኛው ቁጥር 180 ወይም የታችኛው 120 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የራስን ሁለቱንም ጎን ይይዛል፣ ይመታል፣ ግፊቱ ሲወርድም ይጠፋል። 145/92፣ 155/95፣ 165/100 ላይ ለዓመታት የቆየ ግፊት ግን ራስ ምታት የሚያመጣ አይመስልም ይላል ያው ምደባ። በየፋርማሲው «ግፊትህ ከፍ ብሏል» የሚባለው ሰው አብዛኛው ያለው እዚህ መሃል ነው።

ምክንያቱ ከአእምሮ የደም ሥሮች አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ግፊት ሲጨምር ወደ አእምሮ የሚገቡት ትንንሽ የደም ሥሮች ጠበብ ይላሉ፣ ሲቀንስ ደግሞ ይሰፋሉ፤ በዚህ የተነሳ ወደ አእምሮ የሚደርሰው የደም መጠን ብዙም አይለዋወጥም። ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ከኖረ ደግሞ ሥሮቹ ከዚያው ከፍታ ጋር ይለማመዳሉ። ስለዚህ 160 ይዞ የሚኖር ሰው ምንም ሳይሰማው ይውላል ያድራል። ግፊቱ ከአቅማቸው በላይ በድንገት ሲወጣ ነው ሥሮቹ መቋቋም አቅቷቸው ፈሳሽ ወደ አእምሮ ሥጋ የሚሰርገውና ራስ የሚፈልጠው፣ ዓይን የሚጋረደው፣ ሰው የሚደናገረው። ይህ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ከተለመደው የጠዋት ራስ ምታት ጋር አንድ አይደለም።

ታዲያ ጠዋት ጠዋት የሚለው ነገር ከየት መጣ? በሕክምናው ውስጥ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1913 ቴዎዶር ጄንዌይ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ግፊት ያለባቸውን ሕሙማን አይቶ ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚይዛቸውንና ቀኑ ሲገፋ የሚለቃቸውን ራስ ምታት ጻፈ። ያኔ ግፊትን በደንብ የሚያወርድ መድኃኒት አልነበረም፤ ሐኪም ፊት የሚቀርበውም ብዙውን ጊዜ በሽታው የጠናበት ሰው ነበር። ጄንዌይ ያየው እውነት ነው። ነገር ግን ከእነዚያ ከጠናባቸው ሰዎች የተወሰደው ገለጻ ወርዶ ወርዶ 150/95 ላለው ሁሉ የሚነገር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ነገሩን ሌላ መልክ ሰጠው። ግፊት እንዳለባቸው የማያውቁ ሰዎች ራስ ያማችኋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ አዎ ያሉት ከአምስት አንድ አይሞሉም። ግፊት እንዳለባቸው የተነገራቸው ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል ያመናል አሉ። በከፊል ራሳቸውን ስላመማቸው ሄደው የተለኩ ሰዎች ስለሆኑ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ማወቁና መጨነቁ በራሱ ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በኖርዌይ ከ22 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ11 ዓመት የተከታተለ ጥናት ይባስ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ፦ መጀመሪያ ላይ የላይኛው ግፊታቸው 150 እና ከዚያ በላይ የነበረ ሰዎች ከሌሎቹ ያነሰ ራስ ምታት ነበራቸው። ከፍ ያለ ግፊት የሕመም ስሜትን ያደነዝዛል የሚል ማብራሪያ ይሰጡታል። የኔ ትልቁ ስጋትም እዚሁ ላይ ነው፤ ግፊት ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፣ አብዛኞቹም አያውቁትም ነበር። ራስ የሚያሳምም ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አውቀውት ነበር።

እምነቱ ግን በቀላሉ አይለቅም፣ ምክንያቱም ዓይን የሚያየው ማስረጃ ያለው ይመስላል። ራስ ሲያም ሰው ይለካል፣ ቁጥሩም ከፍ ብሎ ይገኛል። ነገር ግን ሕመም ራሱ ግፊት ያስነሳል። ጥርስ ያመመው ሰው ቢለካም ከፍ ይላል፣ እንቅልፍ ያጣም፣ ደንግጦ ደረጃ እየሮጠ ወጥቶ ፋርማሲ የደረሰም እንደዚያው ነው። ራሱን ባላመመው ቀን ስለማይለካ ደግሞ ያን ቀንም ያው ቁጥር እንደነበረ አያውቅም። ሌላም አለ። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎል፣ ግፊት ለሌለበት የማይግሬን ሕመምተኛም የሚታዘዙ ናቸው። ኪኒኑ ራስ ምታቱን ቢያስታግስለት ሰው «አየህ፣ ግፊት ነበር» ማለቱ አይገርምም።

እንግዲህ እውነተኛ ምሳሌ የሚመስል ነገር እንይ። ሰውየው እኔ የፈጠርኩት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን በየጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ወፈር ይላል። ከዓመት በፊት 160/98 ተለክቶ አምሎዲፒን ታዞለታል። በሳምንት አራት አምስት ቀን ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት ሲነሳ ራሱ ከብዶት ይነሳል፣ ግንባሩንና ማጅራቱን ይጫነዋል፣ ረፋድ ላይ ይተወዋል። ሲያመው አምሎዲፒኑን ይውጣል፣ ካላመመው ይተወዋል። ሲብስበት ደግሞ ዲክሎፌናክ ይወጋል ወይም ከአሜሪካ ከመጣለት አድቪል ሁለት ይጥላል።

መጀመሪያ የሚደረገው መለካት ነው፣ ግን በአግባቡ። ቤት ውስጥ የክንድ መለኪያ ካለ ጠዋት ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ቡና ከመጠጣቱና ኪኒን ከመዋጡ በፊት፣ ወንበር ላይ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ሳያወሩ አምስት ደቂቃ መቀመጥ። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ቁመት። አንድ ደቂቃ አሳርፎ ሁለቴ መለካት፣ ማታም እንደዚሁ፣ ለሳምንት ያህል። የክንዱ ማሰሪያ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ከሆነ ቁጥሩን በውሸት ያስነሳዋል፤ ክንድ ተንጠልጥሎ ሲለካም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ሲለካ አማካዩ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል። እና አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ያን ጠዋት ራስ አሞ እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፉ።

ሹፌራችን ደብተር ይዞ ጻፈ እንበል። የመጀመሪያውን ቀን፣ ሰው ስለሚደናገጥ፣ እንተወውና ቀጣዮቹን ሰባት ጠዋቶች እንይ። ራሱን ባመመው አራት ጠዋት 148/94፣ 154/96፣ 146/92 እና 152/94 ተለካ። አማካዩ 150/94 ነው። ባላመመው ሦስት ጠዋት ደግሞ 156/97፣ 147/92 እና 150/93። አማካዩ 151/94። ይኸው ነው። ግፊቱ በሁለቱም ቀን አንድ ነው፣ ራሱ ግን አንዴ ያመዋል አንዴ አያመውም። ስለዚህ ሁለት ነገር እናውቃለን፦ ሰውየው እውነትም ያልታከመ ግፊት አለበት፣ ራሱን የሚያሳምመው ግን እሱ አይደለም።

ታዲያ ምንድነው? ጠዋት የሚያም ራስ ብዙ ምክንያት አለው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከቤታችን አይርቁም። ማታ በር ተዘግቶ ከሰል ተያይዞ ያደረበት ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ካለ፣ በተለይ አብሮ ያደረው ሁሉ ካመመው፣ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ከቀለለው፣ የከሰል ጋዝ ነው፤ ይገድላል፣ ግፊት ለመለካት ጊዜ አይፈጅበትም፣ ሁሉም ወዲያው ይውጣ። ቡና ለለመደ ሰው ደግሞ የመጨረሻዋ ስኒ የትናንት ከሰዓት ከነበረች፣ ጠዋት ራስ መያዙ የቡናው እጦት ሊሆን ይችላል። በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ወይም ሁዳዴ ሲገባ የሚያመን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ ቡና ሲጠጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚተው ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው።

የሹፌሩ ነገር ግን ከእነዚህ አይደለም። ሚስቱን ጠይቋት። «ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይሰማዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይላል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ እኔ እደነግጣለሁ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ብንን ብሎ ይተነፍሳል» ትላለች። ሸሚዝ የሚቆለፍበት አንገቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ቀን መኪና ውስጥ ተሳፋሪ እስኪሞላ እንቅልፍ ይጥለዋል። ይህ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ የሚባለው በሽታ ምልክት ነው። ሰው ሲተኛ ጉሮሮው ይላላል፣ አየር መግቢያው ይዘጋል፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ያልወጣው የተቃጠለ አየር ደግሞ ይጠራቀማል። ያ የተጠራቀመው አየር የአእምሮ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ለራስ ምታቱ አንዱ ምክንያት እሱ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሰውነት በየመታፈኑ ሲደነግጥ ደግሞ ልብ ይመታል፣ ግፊት ይነሳል። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ የዚህ ሰው ግን ሳይወርድ ያድራል፣ ጠዋትም ከፍ ብሎ ይገኛል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጠዋት ራስ ያመዋል፣ ጠዋት ግፊቱም ከፍ ይላል፣ ግን አንዱ ሌላውን አላመጣም። ሁለቱም ከሌሊቱ መታፈን የመጡ ናቸው። «ግፊት ነው» ብሎ የዘጋው ሰው ግማሹን አግኝቶ ዋናውን ሳያየው ቀረ፤ እሱ ሳይታከም ደግሞ ግፊቱ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ቢሰጠውም እንደሚገባ ላይወርድ ይችላል። የዚህ ራስ ምታት ሌላው ምልክት ብዙ ጊዜ ከነቁ በኋላ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በራሱ መተው ነው። ረፋድ ላይ «ኪኒኑ ሠራ» የሚያስብለውም ይኸው ነው። የእንቅልፍ ምርመራ በየቦታው የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን መተው ልዩነት ያመጣል፣ ለሐኪሙም «አንኮራፋለሁ፣ ትንፋሼ ይቆማል ትላለች» ብሎ መንገር የግድ ነው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው አይጠይቅ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥፋት የማስታገሻው ነው። ፓራሲታሞልን ወይም አድቪልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ካፌይን ወይም ኮዴይን ለተቀላቀለበት ማስታገሻ 10 ቀን ይበቃል። ሌሊት መድኃኒቱ ከሰውነት ሲያልቅ ጠዋት ራስ ይይዛል፣ ሰው ደግሞ ሌላ ይውጣል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ አድቪል ማለት ነው፣ ደግሞ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ግፊት ያስነሳሉ፣ እንደ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ የግፊት መድኃኒቶችን ያዳክማሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። «የግፊት ራስ ምታት» ብሎ ዲክሎፌናክ የሚወጋ ሰው ግፊቱን በገዛ እጁ እያስነሳ ነው። ይህ ልክ አይደለም፣ የሚወጋው ባለሙያም ግፊት እንዳለበት ሳይጠይቅ መውጋት የለበትም። ግፊት ላለበት ሰው አልፎ አልፎ ፓራሲታሞል ይሻላል። እሱም ቢሆን በየቀኑ ሙሉ መጠን ከተወሰደ ግፊት ጥቂት ከፍ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2022 ከኤድንብራ የወጣ ጥናት አሳይቷል።

አምሎዲፒንና ናይፌዲፒን ደግሞ የደም ሥር ስለሚያሰፉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሳቸው ራስ ሊያሳምሙ ይችላሉ። ኪኒኑን አንድ ቀን ወስዶ ሁለት ቀን የሚዘል ሰው ሰውነቱ ሳይለምደው በየጊዜው እንደ አዲስ ይጀምራል። መፍትሔው መተው ሳይሆን ለሐኪም ተናግሮ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ማስቀየር ነው።

አሁን ወደ አደገኛው እንምጣ፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚህ አይሠራም። ግፊቱ 180/120 ደርሶ ወይም አልፎ ከራስ ምታቱ ጋር ዓይን መጋረድ፣ መደናገር፣ ማስታወክ፣ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መንጋደድ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ነገ አይባልም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ነው። ቤት ውስጥ ሦስት አራት ኪኒን ደራርቦ በአንዴ ማውረድም አይገባም፤ በድንገት ሲወርድ አእምሮ ደም ያጣል። በሕይወቴ እንዲህ አሞኝ አያውቅም የሚያሰኝ፣ በሰከንዶች ውስጥ እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፣ ግፊቱ ስንትም ይሁን፣ እንዲሁ ድንገተኛ ነው። በየጠዋቱ እየባሰ የሚሄድና ማስታወክ ያለበት፣ ሲያስሉ ወይም ሲያጎነብሱ የሚብስ ደግሞ ከግፊት ውጭ የአንጎል ምርመራ ይፈልጋል። እና ነፍሰ ጡር። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አዲስ ራስ ምታት የያዛት ሴት ቁጥሯ 140/90 ብቻ ቢሆንም እዚያው ቀን መታየት አለባት፤ ለሌላው ሰው ቀላል የሆነው ቁጥር ለእሷ የእርግዝና ግፊት መመረዝ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። «ድካም ነው፣ ዳማከሴ ያሻታል» ብሎ ማሳደር የሴቷንም የልጁንም ሕይወት ያስከፍላል።

ሹፌሩ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደ እንበል። አምሎዲፒኑን ራሱ አመመውም አላመመውም በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንዲወስድ ተነገረው። ዲክሎፌናክና አድቪል ቆመበት፣ የማታዋ መጠጥም እንደዚያው፣ በጎኑ መተኛት ጀመረ፣ ሰዓቱ ሲደርስም ለእንቅልፍ ምርመራ ሪፈር ተጻፈለት። ማስታገሻው ከቆመ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱ ይብስበታል፤ ይህ ከሁለት ቀን እስከ አስር ቀን ሊቆይ ይችላል፣ አስቀድሞ ካልተነገረው ሰው ይህን አይቶ «ግፊቴ ገነፈለ» ብሎ ተመልሶ ወደ ዲክሎፌናኩ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ ላይ 132/84፣ 130/82 መጻፍ ጀመረ፣ ራሱ ግን አሁንም በሳምንት ሁለት ጠዋት ይከብደዋል። ያኔ ነው ሚስቱ ስለ ማንኮራፋቱ የተናገረችው ዋናው ጉዳይ የሚሆነው፤ ራሱን ባላመመው ጠዋትም ኪኒኑን ይውጣል።